ስንት ሰው አየው? ኢምፕሬሽን፣ ሪችና ቪው በአንድ የሐዋሳ ዓሣ ቤት ቪዲዮ ላይ

ጥያቄ፦
«ሐዋሳ አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ ቤት አለኝ። 52 ሰከንድ የምትሆን ቪዲዮ አሠርተን ፌስቡክ ላይ ለ7 ቀን በክፍያ አስተዋወቅናት። የሚሠራልኝ ልጅ ኢምፕሬሽን 61,400፣ ሪች 23,600፣ ቪው 9,440 ብሎ ላከልኝ። እኔ ግን የየቀኑን ሪች ስደምረው 41,000 ይመጣል። ያችው ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ 31,000 ቪው አላት፤ ዩቲዩብ ላይ የጫንነው የ6 ደቂቃው ደግሞ 640 ብቻ። ቪዲዮውን አይተን መጣን ያሉኝ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ልጁ እያታለለኝ ነው? ለመሆኑ ስንት ሰው አየው? ሙሉውን ሠንጠረዥ አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦

ልጁ አላታለለዎትም። የላከልዎት ሦስቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው። ችግሩ ያለው ድምሩ ላይ ነው፤ ከእሱ ልጀምር፣ መተማመን የሚያበላሸው እሱ ነውና። ከዚያ በኋላ ሠንጠረዥዎን ይዘን ቪዲዮዋ የት ላይ ሰው እንደጣለች እናያለን።

ሪች የሚቆጥረው አካውንት ነው። አንድ አካውንት ማስታወቂያዎ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከደረሰው አንድ ተብሎ ይመዘገባል፤ ዐሥር ጊዜ ቢደርሰውም ያው አንድ ነው። ይህ ግን የሚሠራው እርስዎ በመረጡት የጊዜ ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ሠንጠረዡን በቀን በቀን ከፍለው ሲያዩት፣ ሰኞ ያየው ሰው በሰኞ ረድፍ አንድ ይሆናል፤ ማክሰኞም ካየው በማክሰኞ ረድፍ እንደገና አንድ ነው። እርስዎ ረድፎቹን ሲደምሯቸው ያ አንድ ሰው ሁለት ሆነ። ሰኞም ማክሰኞም ረቡዕም እርስዎ ቤት ምሳ የበላ ደንበኛ ሦስት ሂሳብ ይከፍላል እንጂ ሦስት ሰው አይሆንም። ስለዚህ የሳምንቱ ሪች 23,600 ሆኖ የየቀኑ ድምር 41,000 መምጣቱ ምንም አያስደነግጥም። እንዲያውም አንድ ነገር ይነግረናል፦ ማስታወቂያው የደረሰው አካውንት በአማካይ ወደ 1.7 በሚጠጋ ቀን ውስጥ አግኝቶታል፤ ማለትም ብዙዎቹ ከአንድ ቀን በላይ አይተውታል።

ኢምፕሬሽን ይደመራል፣ ቪውም ይደመራል፤ ሪች ግን አይደመርም። የሁለት ማስታወቂያዎች ሪች አይደመርም፣ የፌስቡክና የቲክቶክ ሪችም አይደመርም፤ ሁለቱ ቦታ ያለው ሰው አንድ ሊሆን ይችላል። እኔ «ጠቅላላ ሪች» ተብሎ የተደመረ ሪፖርት ሲመጣልኝ ሌላውን ሳላነብ እመልሰዋለሁ። የእርስዎ ልጅ መደመር ሲችል፣ ደምሮም ትልቁን ቁጥር ሊያሳይዎት ሲችል፣ ትንሹን ነው የላከው። ይህን ይያዙለት።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ አካውንትና ሰው አንድ አይደሉም። ሁለት አካውንት ያለው አለ፤ በአንድ ስልክ ባልና ሚስት፣ ልጅና እናት አብረው የሚያዩበት ቤትም ሞልቷል። ቁጥሩ ራሱም ከናሙና ተነሥቶ የሚሰላ ግምት ነው። ስለዚህ 23,600ን «ወደ ሃያ ሦስት ሺህ ተኩል» ብሎ ማንበብ ይበቃል፤ መቶዎቹ ላይ መጨቃጨቅ ትርፍ የለውም።

አሁን ወደ 61,400ው እንምጣ። ፌስቡክ ማስታወቂያ ላይ ኢምፕሬሽን የሚቆጠረው ማስታወቂያው ስክሪን ላይ ሲወጣ ነው። ሰውየው ስክሮል አድርጎ አልፎት ወዲያው ወደ ላይ ቢመለስና ያንኑ ቢያገኘው አንድ ነው፤ ጠዋት አንድ ጊዜ ማታ አንድ ጊዜ ቢመጣለት ግን ሁለት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ኢምፕሬሽን ለመቆጠር ቪዲዮው መጫወት መጀመሩ እንኳ ግዴታ አይደለም። ስክሪኑ ላይ የቆመ ምስል ሆኖ ማለፉ ይበቃል።

ይህ እኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ሰው በጥቅል ነው የሚጠቀመው፤ ዳታ እንዳይበላበት ቪዲዮ በራሱ እንዳይጫወት የዘጋ ብዙ ነው፤ ኔትወርኩ ደከም ሲል ደግሞ ክቡ ሲሽከረከር ታግሶ የሚጠብቅ ጥቂት ነው። ሠንጠረዥዎ ላይ Video plays የሚለውን አምድ ይመልከቱት፣ 44,200 ይላል። ከ61,400ው ጊዜ ውስጥ ወደ 17,000 የሚሆነው ቪዲዮዋ ጭራሽ ሳትነሳ ያለፈበት ነው ማለት ነው። ለእነዚያ ሰዎች ቪዲዮዎ ፎቶ ነበረች። ፎቶዋ ምን ነበር ብዬ ሳየው ጥቁር መደብ ላይ የቤቱ ሎጎ ነው። እዚህ ላይ እመለሳለሁ።

ኢምፕሬሽንን ለሪች ሲያካፍሉት 2.6 ይመጣል። ይህ ፍሪኩዌንሲ የሚባለው ነው፤ አንድ አካውንት በአማካይ ስንት ጊዜ እንደደረሰው ይናገራል። ለአንድ ሳምንት 2.6 ጤናማ ነው፤ ሰው አልሰለቸም፣ ገንዘብዎም በአንድ ጥግ ላይ አልተደፋም። አማካይ ግን አማካይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ያየ አለ፣ ስድስት ጊዜ የመጣበትም አለ። ለሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ቪዲዮ ለእነዚያው ሰዎች ከቀጠላችሁና ይህ ቁጥር ወደ 5 እና 6 ሲወጣ ሪች ግን ፈቀቅ ሳይል ሲቀር፣ አዲስ ሰው ማግኘት አቁማችሁ አሮጌውን እያሰለቻችሁ ነው።

የመጨረሻው 9,440ው ነው፤ ጠቡ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጁ «ቪው» ብሎ የላከልዎት 3-second video plays የሚለውን አምድ ነው። ቪዲዮዋ ቢያንስ 3 ሰከንድ የተጫወተችበት ጊዜ ብዛት ማለት ነው። ልብ ይበሉ፣ የጊዜ ብዛት እንጂ የሰው ብዛት አይደለም። አንዱ ሰው ሦስት ቀን መጥታለት ሦስቱንም ቀን ሦስት ሰከንድ ቢያያት ሦስት ቪው ነው። ስለዚህ ስንት ሰው አየው ለሚለው ጥያቄዎ አንድ መልስ የለም፤ በደረጃ የተቀመጠ መልስ ግን አለ። ወደ 23,600 አካውንት ዐይን ሥር አለፈ። ከዚህ ውስጥ ለሦስት ሰከንድ ያህል የቆመው ቢበዛ 9,440 ነው፣ በድግግሞሹ ምክንያት ደግሞ ከዚያ ያነሰ መሆኑ አይቀርም። ሦስት ሰከንድ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ቪዲዮዎን ከፍተው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይበሉ። ሎጎው ገና አልጠፋም።

እኔ ለምግብ ቤት ቪዲዮ ከቪው ይልቅ የማየው ThruPlays የሚለውን አምድ ነው። እሱ የሚቆጥረው ቢያንስ 15 ሰከንድ የተጫወተውን ነው፤ ቪዲዮው ከ15 ሰከንድ ያጠረ ከሆነ ደግሞ እስከ መጨረሻ የታየውን። የእርስዎ 1,534 ነው። ከ9,440 ወደ 1,534! አሁን ደንበኛ ለምን እንዳልመጣ ሽታው መውጣት ጀመረ።

ቀጥሎ በሩብ በሩብ የተከፈለውን አምድ እንይ። ቪዲዮዋ 52 ሰከንድ ስለሆነች 25% ማለት 13ኛው ሰከንድ ነው፤ እዚያ የደረሰው 1,720 ጊዜ ነው። ግማሹ ላይ፣ ማለትም 26ኛው ሰከንድ ላይ 1,180፤ 39ኛው ላይ 960፤ መጨረሻዋ አካባቢ፣ 95% ላይ፣ 840 አሉ። እነዚህን ቁጥሮች ቀስ ብለው ያንብቧቸው፣ ታሪክ አላቸው። ከ3ኛው ሰከንድ እስከ 13ኛው ባለው ዐሥር ሰከንድ ውስጥ ከ100 ተመልካች 82ቱ ሄደዋል። ከ13ኛው በኋላ ግን ባሉት 36 ሰከንዶች ውስጥ የሄደው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። 13ኛውን ሰከንድ የተሻገረ ሰው ይቀመጣል። ምግቡን ወዶታል ማለት ነው።

ቪዲዮዋን ደጋግሜ ያየኋት ለዚህ ነው። እስከ 4ኛው ሰከንድ ሎጎ። ከ4ኛው እስከ 13ኛው ሐይቁ ከላይ በድሮን፣ ጀልባዎቹ፣ ታቦር ተራራ፣ ለስላሳ ሙዚቃ። ያምራል፤ ግን ስለ ሐዋሳ ከሚወጡ ቪዲዮዎች ግማሹ የሚጀምረው በዚሁ ነው፣ ሰው ደግሞ አይቶት ጠግቧል። 13ኛው ሰከንድ ላይ ቆሮሶ ዓሣው ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ድምፁ ይሰማል፣ የሴትየዋ እጅ ሎሚ ይጨምቅበታል። ሰው የሚቆመው እዚህ ነው። ዋጋው 20ኛው ሰከንድ ላይ ይመጣል። እንግዲህ ስሌቱን ይሥሩት፦ ገንዘብ ተከፍሎ 61,400 ጊዜ ስክሪን ላይ ከወጣው ውስጥ ዋጋው የታየው ከ1,534 ባነሰ ጊዜ ነው፤ ያ ቁጥር የ15ኛው ሰከንድ ስለሆነ ማለት ነው።

በዚህ ቦታ ላይ ሦስቱ መለኪያዎች ሥራቸውን ተከፋፍለው ይታያሉ። ኢምፕሬሽንና ሪች ጥሩ ከሆኑ ፌስቡክ ማስታወቂያውን አድርሷል፣ ያ የገንዘብና ማስታወቂያው ለማን ይድረስ የሚለው ምርጫ ጉዳይ ነው። ኢምፕሬሽን ከፍ ብሎ ቪው ከወረደ ጥፋቱ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ነው፤ የእርስዎ ከ100 ኢምፕሬሽን 15 ነው፣ ሎጎ ይዞ ለተነሣ ቪዲዮ አይገርመኝም። ቪው ደህና ሆኖ ከዚያ በኋላ ገደል ከገባ ደግሞ የጀመረው ነገርና የቀጠለው ነገር አልተገናኙም ማለት ነው። በእርስዎ ላይ ሁለቱም በሽታ አለ፤ ምንጫቸው ግን አንድ ነው፣ እሱም የመጀመሪያው 13 ሰከንድ።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህ የቪዲዮው ጥፋት አይደለም። ሪቹን በቦታ ከፍላችሁ ያያያዛችሁት ገጽ ላይ ከ23,600ው ውስጥ አዲስ አበባ ወደ 14,900 ሲወስድ ሐዋሳና አካባቢው 3,100 ብቻ ነው የደረሰው። ቀሪው ሌላ ከተማ ነው። ማስታወቂያው ሲከፈት ቦታው «ኢትዮጵያ» ተብሎ ነው የተተወው፤ ፌስቡክ ደግሞ እንዲህ ሲባል ብዙ ተጠቃሚ ወዳለበት ይሄዳል። የሐዋሳ ሰው ከሌላው እኩል ቆሞ አይቷል ብለን ብናስብ፣ 15 ሰከንድ ድረስ የተቀመጠው ከዚህ ከተማ ወደ 200 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፣ በሳምንት። ከእነዚህ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ሰው መምጣቱ እንዲያውም ደህና ነው። የሪች መጠን ብቻውን ምንም የማይናገረው ለዚህ ነው፤ ዓሣው ሐዋሳ ሆኖ ተመልካቹ 275 ኪሎ ሜትር ርቆ ከተቀመጠ፣ ሪቹ እጥፍ ቢሆንም ሐሙስ ምሳ ላይ ወንበር አይሞላም።

አዲስ አበባን ጨርሰው ይተዉት አልልም። ቅዳሜና እሑድ ሐዋሳ የሚሞላው በማን እንደሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ግን ለይታችሁ ክፈሉት፦ አንዱ ማስታወቂያ ለሐዋሳና ለዙሪያዋ ሳምንቱን ሙሉ፣ ሌላው ለአዲስ አበባ ከረቡዕ እስከ ዓርብ፣ ሰው የጉዞ ሐሳብ በሚያወጣበት ሰዓት። ሁለቱም የየራሳቸው ሪች ይኖራቸዋል። እንዳይደምሯቸው።

ወደ ቲክቶክና ዩቲዩብ ልምጣ። 31,000ውን ከ9,440ው ጎን አስቀምጠው ቲክቶክ በሦስት እጥፍ በልጧል ካሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እያወዳደሩ ነው። ቲክቶክ ቪው የሚቆጥረው ቪዲዮው መጫወት በጀመረበት ቅጽበት ነው። ሰውየው በግማሽ ሰከንድ አልፎት ቢሄድም ቪው ነው፤ ተመልሶ ሲያየውም ይቆጠራል። ስለዚህ የቲክቶክን 31,000 ማወዳደር ካለብዎት ከፌስቡኩ 44,200 ጋር ነው የሚቀርበው እንጂ ከሦስት ሰከንዱ 9,440 ጋር አይደለም። የዩቲዩብ ሾርትስም እ.ኤ.አ. ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ እንዲሁ ሆኗል፦ መጫወት በጀመረ ወይም በተደገመ ቁጥር ቪው ይቆጠራል፣ ሰውየው ምን ያህል እንደቆየ አይጠየቅም። የቀድሞው አቆጣጠር Engaged views በሚል ስም ለብቻው ቀርቷል፤ ዩቲዩብ ገንዘብ የሚከፍለውም በዚያኛው ነው። በዚያ ጊዜ አካባቢ የሾርትስ ቪዋቸው ድንገት የዘለለ ሰዎች ደስ ብሏቸው ሲጽፉልኝ ነበር። የተቀየረው ሜትሩ ነው።

ዩቲዩብ ላይ የጫናችሁት ረጅሙ ቪዲዮ ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ቪዲዮው ብዙውን ጊዜ በራሱ አይመጣም፤ ሰው ምስሉንና ርዕሱን አይቶ፣ ፈልጎ፣ ጣቱን አሳርፎ ነው የሚከፍተው። ስለዚህ ከ640ው ቪው አብዛኛው ጀርባ የሰው ውሳኔ አለ ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ መስፈሪያ ለመስፈር ከፈለጉ ሰዓትን ይጠቀሙ። ቲክቶክ ላይ አማካይ የታየበት ጊዜ 4 ሰከንድ ነው፤ በ31,000 ሲባዛ 124,000 ሰከንድ፣ ማለትም ወደ 34 ሰዓት ይሆናል። ዩቲዩብ ላይ አማካዩ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው፤ በ640 ሲባዛ 102,400 ሰከንድ፣ ከ28 ሰዓት በላይ። ያ «640 ብቻ» ብለው የናቁት ቪዲዮ ከ31,000ው ጋር የሚቀራረብ የሰው ሰዓት ሰብስቧል። አንዱ ለብዙ ሰው በጨረፍታ፣ ሌላው ለጥቂት ሰው ዘለግ ላለ ጊዜ።

አማካይ ሲነገርዎት ግን ሁልጊዜ «ለስንት ተካፍሎ?» ብለው ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፌስቡክ ራሱ የቪዲዮ አማካይ የመታያ ጊዜን ለሁለት ዓመት ያህል አጋንኖ ሲያሳይ መቆየቱን አምኗል። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ከ3 ሰከንድ በታች አይተው የሄዱትን ከስሌቱ አውጥቶ ለቀሩት ብቻ ያካፍል ነበር። የሄዱትን ካልቆጠርክ የቀሩት ሁሉ ታጋሽ ይመስላሉ።

ዩቲዩብ ላይ አንድ እንቆቅልሽ የጠቆሙኝ በሠንጠረዡ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ጽፈው ነው፦ ኢምፕሬሽን 8,200፣ ቪው 640፣ ሲካፈል 7.8%፤ ዩቲዩብ ግን የክሊክ መጠኑን 4.1% ይላል። ሁለቱም ልክ ነው። ዩቲዩብ ኢምፕሬሽን የሚለው የቪዲዮው ሽፋን ምስል ዩቲዩብ ውስጥ ከአንድ ሰከንድ በላይ፣ ቢያንስ ግማሹ ስክሪን ላይ ሆኖ ሲታይ ነው። በቴሌግራም የተላከ ሊንክ፣ ሌላ ድረ ገጽ ላይ የተለጠፈ ቪዲዮ፣ ስልክ ላይ የሚመጣ ማሳወቂያ፣ የሌላ ቪዲዮ ማብቂያ ላይ የሚወጣው ሣጥን፣ እነዚህ ኢምፕሬሽን አያስቆጥሩም። ቪው ግን ያመጣሉ። 4.1% ከ8,200 ወደ 336 ነው፤ ሽፋኑን አይተው የከፈቱት እነዚህ ናቸው። የቀሩት 304 ቪዎች በሌላ በር ነው የገቡት። የትራፊክ ምንጭ የሚለውን ገጽ ሲከፍቱት አብዛኛው ቴሌግራም ሆኖ ያገኙታል ብዬ እገምታለሁ፤ ሊንኩን የቤተሰብና የዕድርተኛ ግሩፕ ላይ እንደበተናችሁት ነግረውኛልና።

4.1% ራሱ መጥፎ አይደለም። ዩቲዩብ እንደሚለው ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሹ የክሊክ መጠናቸው ከ2% እስከ 10% ባለው መካከል ነው። ደግሞ ይህ ቁጥር ኢምፕሬሽን ሲጨምር መውረዱ የተለመደ ነው። መጀመሪያ ምስሉ የሚታየው እርስዎን ለሚያውቁ ነው፣ እነሱ ይከፍቱታል፤ ዩቲዩብ ወደማያውቋችሁ ሰዎች ሲያሰፋው መጠኑ ይቀንሳል፣ ቪው ግን ይጨምራል። ከ9% ወደ 4% ወረደ ብሎ ሽፋኑን በድንጋጤ የቀየረ ሰው እያየሁ ነው የምጽፈው፤ መጀመሪያ ኢምፕሬሽኑን ይመልከቱ።

አሁን ምን ይደረግ? አዲስ ቀረጻ አያስፈልግም፤ ያላችሁን እንደገና ቁረጡት። ቪዲዮዋ ቆሮሶው ዘይት ውስጥ ሲገባ ትጀምር። ዋጋውና «አሞራ ገደል» የሚለው ጽሑፍ በመጀመሪያው ሦስት ሰከንድ ውስጥ ስክሪኑ ላይ ይጻፍ፣ ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ብዙ ነውና። ሐይቁ መሐል ይግባ፣ ሎጎው መጨረሻ ላይ ይሂድ። የሽፋኑን ምስልም ቀይሩ፤ ቪዲዮዋ ሳትነሳ ባለፈችበት በዚያ 17,000 ጊዜ ቢያንስ ዓሣ ይታይ። ከዚያ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን፣ በእኩል ገንዘብ፣ ለሐዋሳ ብቻ ልቀቋቸው። ሁለቱም ጥቂት ሺህ ኢምፕሬሽን ሳያገኙ ፍርድ አትስጡ፤ በመጀመሪያው ቀን የሚታየው ልዩነት ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ቀን ይገለበጣል።

ስታወዳድሩ ሁለት ነገር ብቻ ተመልከቱ፦ ከ100 ኢምፕሬሽን ስንት የሦስት ሰከንድ ቪው ወጣ፣ ከ100 የሦስት ሰከንድ ቪው ስንት ThruPlay ወጣ። የመጀመሪያው ጨምሮ ሁለተኛው ከወረደ መክፈቻው ሰው ያስቆማል እንጂ አያስቀምጥም፤ እንደገና መቁረጥ ነው። ሁለቱም ከጨመሩ ገንዘቡን ወደ አዲሱ አዙሩት። ቤት ውስጥ ደግሞ አስተናጋጆቹ ሂሳብ ሲቀበሉ «በምን አወቃችሁን?» ብለው ደብተር ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ፌስቡክ የሚበላውን ሰው አይቆጥርላችሁም።

አንድ ወጥመድ ብቻ ላስጠንቅቅ። ልጁ ቪዲዮውን ሲቆርጥ ወደ 30 ሰከንድ ሊያሳጥረው ይችላል፣ ቢያሳጥረውም ጥሩ ነው። ያኔ ግን 25% የሚለው አምድ 13ኛው ሰከንድ መሆኑ ቀርቶ ሰባት ሰከንድ ተኩል ላይ ይወርዳል፤ ቁጥሩም ያለ ምንም ሥራ ያድጋል። ስለዚህ የሩብ አምዶቹን በአሮጌውና በአዲሱ መካከል አታወዳድሩ፤ ሁለቱም ከ15 ሰከንድ እስከበለጡ ድረስ ThruPlay ለሁለቱም ያው 15ኛው ሰከንድ ነው። ከ15 ሰከንድ በታች ካወረደው ግን እሱም ሌላ ነገር መቁጠር ይጀምራል።